ያለፈበት ፈቃድ፣ የተለየ ወረቀት፦ ለማስታወቂያው ይበቃል ወይስ አይበቃም?

ሳንጃ ከጎንደር ወደ ሁመራ በሚወስደው መንገድ ላይ ናት። ከእሷ ወደ አብደራፊም ሆነ ወደ መተማ በኩል ያለው ቆላ ሰሊጥ የሚዘራበት፣ ለአረምና ለአጨዳ ከደጋው ብዙ የቀን ሠራተኛ የሚወርድበት አገር ነው። ሠራተኛው ሲወርድ ወባውም ካላዛሩም አብሮ ይበረታል፤ ጤና ጣቢያውና ግብረ ሰናይ ድርጅቱም ነርስ ይፈልጋሉ። ማስታወቂያው ይለጠፋል፣ የምዝገባው ጊዜ አጭር ነው፣ አመልካቹም ወረቀቶቹን ዘርግቶ አንድ ጥያቄ ይገጥመዋል፦ ላይሰንሴ ሊያልፍበት ነው ወይም አልፎበታል፣ ዲፕሎማዬ ማስታወቂያው የጠራውን ስም አይልም፤ ልመዝገብ ወይስ ልተወው?

ሳያስፈልግ የሚተወው ብዙ ነው። በማይሆን ወረቀት የመሳፈሪያ ከፍሎ የሚመጣም አለ። ይህ መመሪያ ጥያቄውን ቤትዎ ተቀምጠው እንዲፈቱት ነው። ለምሳሌ የነርስ ሥራን ይዣለሁ፤ ምክንያቱም የማያልፍበት ወረቀት፣ የሚያልፍበት ወረቀትና ቀን ሳይጻፍበት የሚያረጅ ወረቀት ሦስቱም በአንድ የነርስ ፋይል ውስጥ ይገኛሉ።

አንድ ማስታወቂያ እናስብ። ሐምሌ 7 ቀን 2017 ሰኞ ሳንጃ ላይ ተለጥፏል። እንዲህ ይላል፦ «ክሊኒካል ነርስ፤ በደረጃ 4 የተመረቀ/ች እና ሲኦሲ ያለው/ያላት ወይም አቻ፤ 4 ዓመት የሥራ ልምድ፤ የታደሰ የሙያ ፈቃድ ማቅረብ የሚችል/የምትችል፤ በካላዛር ምርመራና ሕክምና ሥልጠና የወሰደ/ች ቢሆን ይመረጣል፤ ማስታወቂያው ከወጣበት ቀን ጀምሮ ባሉት 10 ተከታታይ የሥራ ቀናት ውስጥ መመዝገብ ይቻላል።» አመልካቿ ደግሞ በ2000 ዓ.ም በ10+3 በክሊኒካል ነርስነት የተመረቀች፣ በ2002 የካላዛር ሥልጠና የወሰደች፣ ከዚያ ወዲህም በሙያው የሠራች ናት። ሲኦሲ የላትም። የሙያ ፈቃዷ የሚያበቃበት ቀን 17/07/2025 ይላል።

ማስታወቂያውን ቃል በቃል ማንበብ

ብዙ ሰው ማስታወቂያ የሚያነበው የትምህርት ደረጃውንና ደመወዙን ፈልጎ ነው። መልሱ ያለው ግን በትናንሾቹ ቃላት ውስጥ ነው። «ይመረጣል»፣ «ቢኖረው ጥሩ ነው»፣ «ተጨማሪ ብቃት» የሚሉት አስገዳጅ አይደሉም፤ ወረቀቱ ባይኖርዎትም ይወዳደራሉ፣ ምናልባት ነጥብ ይቀንስብዎታል እንጂ ከበር አይመለሱም። «ያለው» የሚለው በምዝገባው ቀን እጅዎ ላይ እንዲገኝ ይጠይቃል። «ማቅረብ የሚችል» ግን ትንሽ ሰፋ ያለ ነው፤ በምዝገባ ቀን ባይኖርም ከቅጥር በፊት ላምጣው ለማለት በር ይከፍታል። «የታደሰ» የሚለው ቃል ሲኖር ደግሞ ማስታወቂያውን ያወጣው አካል ስለ ማብቂያ ቀኑ አስቀድሞ አስቦበታል ማለት ነው፤ ያለፈበትን ይዞ «ፈቃድ አለኝ» ብሎ መከራከር አያዋጣም።

የእኛ ማስታወቂያ የካላዛር ሥልጠናውን «ይመረጣል» ብሎታል፣ ፈቃዱን «የታደሰ… ማቅረብ የሚችል» ብሎታል፣ በትምህርቱ ላይ «ወይም አቻ» ብሏል። ስለዚህ ሦስቱም ወረቀቶች በሦስት የተለያየ ሚዛን ነው የሚታዩት።

መስፈርቱ የማን ነው?

ይህን ጥያቄ በደንብ ከያዙት ሌላው ይቀላል። በማስታወቂያ ላይ የተጻፈ መስፈርት ሁሉ የቀጣሪው ሐሳብ አይደለም። አንዳንዱን ቀጣሪው ራሱ ፈልጎ ጽፎታል፤ ራሱ ስለጻፈው ራሱ ሊያላላው፣ አቻ ነው ብሎ ሊቀበለው ይችላል። የሥራ ልምድ ዓመት፣ የኮምፒዩተር ሥልጠና፣ የቋንቋ ችሎታ ከዚህ ወገን ናቸው። አንዳንዱን ግን ሕግ አስገድዶት ነው የጻፈው። የሙያ ፈቃድ ከዚህኛው ወገን ነው። ያለ ፈቃድ ሕመምተኛ ማከም የተከለከለው በቀጣሪው ሳይሆን በመንግሥት ነውና፣ የቅጥር ኮሚቴው ቢወድዎት፣ የድርጅቱ ኃላፊ ቢያውቅዎት፣ ያለፈበትን ፈቃድ «ምንም አይደል» ሊልልዎት ሥልጣን የለውም። ብሎ ቢቀጥርዎትም አንድ ሕመምተኛ ላይ ችግር የደረሰ ቀን ተጠያቂው እርስዎም እሱም ናችሁ።

ስለዚህ እያንዳንዱን መስፈርት ሲያነቡ ጎኑ ላይ «የቀጣሪ» ወይም «የሕግ» ብለው ይጻፉ። የቀጣሪ በሆነው ላይ መጠየቅና መከራከር ይቻላል። የሕግ በሆነው ላይ ያለው መንገድ አንድ ነው፦ ወረቀቱን ከሰጠው አካል ዘንድ ሄዶ ማስተካከል።

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚደናገሩበትን ልለይ። ዲፕሎማና ዲግሪ መማርዎን ይመሰክራሉ፤ ተምረው ጨርሰዋልና አያልፍባቸውም። ሲኦሲ በዚያ ደረጃ ተመዝነው ብቁ መሆንዎን ይመሰክራል። የሙያ ፈቃድ ግን «ዛሬ መሥራት ይችላል» የሚል ፈቃድ ነው፤ ስለዚህ የሚያበቃበት ቀን አለው። የነርስ ፈቃድ ሲያልፍበት ነርስነቱ አይጠፋም፣ ዲፕሎማውም አይሰረዝም፤ የቆመው የመሥራት መብት ነው። «ላይሰንሴ አልፎበታል፣ እንደገና ልማር ይሆን?» ለሚል ሰው መልሱ «አያስፈልግም» ነው። የሚጠበቅብዎት ማሳደስ ነው። ለእድሳቱ ደግሞ ሲፒዲ የሚባለው ተከታታይ የሙያ ማጎልበቻ ይጠየቃል፤ ደንቡ በዓመት ቢያንስ 30 ነጥብ ይጠብቃል። ፈቃዱ ሲያልፍ ብቻ ነጥብ መፈለግ የጀመረ ሰው በአሥር ቀን ማስታወቂያ አይደርስም።

ቀኑን በየትኛው አቆጣጠር አነበቡት?

በእኛ አገር ከማንኛውም ነገር በላይ ሰው የሚያሳስተው ይህ ነው። ማስታወቂያው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይወጣል፣ ሰርተፊኬቱ በአውሮፓ አቆጣጠር ይታተማል፣ አንዳንዱ ወረቀት ደግሞ የትኛው እንደሆነ አይናገርም። «09/11/2017» የሚል ቀን ቢያዩ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሐምሌ 9 ቀን 2017 ሊሆን ይችላል። በአውሮፓ አቆጣጠር ከሆነ ኖቬምበር 9 ቀን 2017 ነው፤ ይኸውም ጥቅምት 30 ቀን 2010። ወር አስቀድመው በሚጽፉት በአሜሪካኖቹ ልማድ ከተጻፈ ደግሞ ሴፕቴምበር 11 ይሆናል፤ መስከረም 1 ቀን 2010። በአንድ ቁጥር ውስጥ ከሰባት ዓመት የሚበልጥ ልዩነት አለ። ከሳንጃ ሆነው የውጭ ድርጅት የሰጠውን ሰርተፊኬት ሲያነቡ የተሰጠበትን ቀንና የሚያበቃበትን ቀን አብረው ይዩ፤ ሁለቱ ሲነጻጸሩ የትኛው አቆጣጠር እንደሆነ አብዛኛውን ጊዜ ይገለጣል።

የነርሷ ፈቃድ 17/07/2025 ይላል። 2025 በእኛ አቆጣጠር ገና ስላልደረሰና ወር አሥራ ሰባት ስለሌለ ጥርጥር የለውም፦ ጁላይ 17 ቀን 2025፣ ማለትም ሐምሌ 10 ቀን 2017። ማስታወቂያው የወጣው ሐምሌ 7 ነው። አሥሩን የሥራ ቀን ከሰኞ ሐምሌ 7 ጀምረን ቅዳሜና እሑድን ትተን ስንቆጥር ምዝገባው ዓርብ ሐምሌ 18 ይዘጋል። የወጣበትን ቀን ሳይቆጥር ከማግሥቱ የሚጀምር መሥሪያ ቤት ከሆነ ሰኞ ሐምሌ 21 ላይ ያበቃል። በጠባቡ ይያዙት፤ መዝጊያዎ ሐምሌ 18 ነው።

እንግዲህ ፈቃዱ ለየትኛው ቀን ነው የሚፈለገው? ለምዝገባ ቀን፣ ለፈተና ቀን ወይስ ለቅጥር ቀን? ነርሷ ሐምሌ 8 ብትመዘገብ ፈቃዷ ሕያው ነው፤ መዝጋቢው ኦሪጅናሉን ከኮፒው አስተያይቶ ይመልስላታል። ሐምሌ 15 ብትመጣ ግን ያው ወረቀት አልፎበታል። ሐምሌ 8 ተመዝግባ ብታልፍ እንኳ ፈተናው በነሐሴ ቢሆን፣ ውል የምትፈርምበት ቀን ፈቃድ የሌላት ነርስ ትሆናለች። ስለዚህ በሐምሌ 8 መመዝገብ የመጀመሪያውን በር እንጂ የመጨረሻውን አይከፍትም። ትክክለኛው አካሄድ በዚያው ሳምንት እድሳቱን መጀመር፣ ማመልከቻዋ የገባበትን ወይም የአገልግሎት ክፍያ የከፈለችበትን ደረሰኝ ከማመልከቻዋ ጋር ማያያዝ፣ በማመልከቻው ላይም «ፈቃዴ ሐምሌ 10 ቀን ያበቃል፤ እድሳት ላይ ነኝ፤ የታደሰውን ከቅጥር በፊት አቀርባለሁ» ብሎ በግልጽ መጻፍ ነው። «ማቅረብ የሚችል» የሚለው ቃል ይህን ይፈቅዳል። ማስታወቂያው «የታደሰ ፈቃድ ያለው» ቢል ኖሮ ግን ሐምሌ 15 ላይ ደረሰኝ ይዞ የመጣን ሰው ኮሚቴው መመለስ ይችላል፤ መብቱም ነው። ደረሰኝ መጀመርዎን ያሳያል እንጂ ፈቃድ አይደለም።

አቻ ማለት ማን ሲል ነው?

አሁን ወደ ዲፕሎማው እንምጣ። ማስታወቂያው ደረጃ 4 ይላል፤ የነርሷ ወረቀት 10+3 ይላል። ሁለቱ የሁለት ዘመን ስሞች ናቸው። ከ10ኛ ክፍል በኋላ በተማሩት ዓመት ብዛት ይጠራ የነበረው የቴክኒክና ሙያ ሥልጠና ከ2000 ዓ.ም ስትራቴጂ ወዲህ ከ1 እስከ 5 ባሉ ደረጃዎች ተተክቷል፤ ሲኦሲም የመጣው ከዚያ ጋር ነው። ስለዚህ በድሮው ሥርዓት የተመረቀን ሰው «ሲኦሲህ የታለ?» ብሎ መጠየቅ በጊዜው ያልነበረን ወረቀት መጠየቅ ነው። ይህን ስለሚያውቁ ብዙ ማስታወቂያዎች «10+3 ወይም ደረጃ 4» ብለው ሁለቱንም ይጽፋሉ። ካልጻፉ ግን አመልካቹ በቃል ከሚከራከር ይልቅ ወረቀት ማሳየት አለበት።

የትኛውን ወረቀት? የሙያ ፈቃዱን። ፈቃዱ ላይ የሙያ ስም ተጽፏል። መንግሥት ያንን የ10+3 ዲፕሎማ ተመልክቶ «ክሊኒካል ነርስ» ብሎ መዝግቦ ከፈቀደ፣ ስለ ትምህርቱ ዋናውን ጥያቄ የሚመለከተው አካል መልሶታል ማለት ነው። ኮሚቴው በማስታወቂያው «ወይም አቻ» ብሎ እያለ በፈቃዱ ላይ ያለውን ስም አልፎ ዲፕሎማው ላይ የሚቆምበት ምክንያት ደካማ ይሆናል። የነርሷን ጉዳይ ስመዝነው በትምህርት መስፈርቱ ትበቃለች እላለሁ። ማስታወቂያው «ወይም አቻ» ባይል ኖሮ ግን ከመመዝገቧ በፊት መጠየቅ ነበረባት።

ከፍ ያለ ወረቀት ሁሉ ዝቅ ያለውን እንደሚተካ አድርገው አያስቡ። የዲግሪ ነርስ ለደረጃ 4 ቦታ ሲያመለክት አንዳንድ መሥሪያ ቤት በደስታ ይቀበላል፤ አንዳንዱ መደቡና ደመወዙ ለደረጃ 4 ስለተፈቀደ አይቀበልም። ጎን ለጎን ያሉ ሙያዎች ደግሞ ጨርሶ አቻ አይደሉም። የሚድዋይፍ ፈቃድ ለክሊኒካል ነርስ ቦታ፣ የፋርማሲ ፈቃድ ለላቦራቶሪ ቦታ አይበቃም፤ ሁለቱም ደረጃ 4 ቢሆኑም የተፈቀደላቸው ሥራ የተለያየ ነው። አቻነት ደረጃንም የሥራ ዓይነትንም ይጠይቃል።

ከ2015 ዓ.ም ጀምሮ ደግሞ ለዲግሪ ተመራቂዎች የመውጫ ፈተና መጥቷል። በ2012 ተመርቀው «የመውጫ ፈተና ያለፈ» የሚል ማስታወቂያ ካዩ ተስፋ አይቁረጡ፤ የምረቃ ዓመትዎን ጠቅሰው መስፈርቱ ከእርስዎ በፊት ለተመረቁት እንዴት እንደሚታይ ይጠይቁ።

በመተማ በኩል የሚመጣ ሌላ ጉዳይ አለ። በሚያዝያ 2015 በሱዳን ጦርነቱ ከተነሣ ወዲህ በገላባትና መተማ ዮሐንስ ድንበር ከተሻገሩት ውስጥ እዚያ የተማሩና የሠሩ ኢትዮጵያውያን አሉ። ከካርቱም ወይም ከገዳሪፍ የመጣ የነርሲንግ ዲፕሎማ እውነተኛ ትምህርት ሊሆን ይችላል፤ ሆኖም እዚህ አቻነቱን የሚወስነው ቀጣሪው አይደለም፣ አመልካቹም አይደለም። የውጭ አገር የትምህርት ማስረጃ የአቻ ግምት የሚሠራው በትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ነው፤ በዐረብኛ የተጻፈው ወረቀትም መተርጎምና መረጋገጥ አለበት። የአቻ ግምቱ ደግሞ የትምህርቱን ደረጃ ይናገራል እንጂ እንዲያክሙ አይፈቅድም፤ ፈቃዱ ለብቻው ከጤና ዘርፍ መገኘት አለበት። በሱዳን የነበረዎት የሙያ ፈቃድ ቀኑ ባያልፍም እዚህ አያሠራም፤ የሚጠቅመው ለሥራ ልምድ ማስረጃ ነው። በዚህ ሁኔታ ላይ ያሉ ሰዎች በአሥር ቀን ማስታወቂያ ላይ ከመቸኮል ሁለቱን ወረቀቶች በቅደም ተከተል ማስጨረስ ይሻላቸዋል፤ እስከዚያው ግን ፈቃድ የማይጠይቁ ሥራዎች፣ ለምሳሌ የማኅበረሰብ ቅስቀሳ ወይም የዐረብኛ አስተርጓሚነት፣ ክፍት ናቸው።

ቀን የሌለው ወረቀት

የካላዛር ሥልጠና ሰርተፊኬቱ የሚያበቃበት ቀን የለውም። ነርሷ በ2002 ሠልጥናለች፤ ወረቀቱ ዛሬም «ሠልጥናለች» ይላል፣ እውነትም ነው። ነገር ግን ምን ነበር የሠለጠነችው?

በዚያን ጊዜ በአገራችን የካላዛር ዋና ሕክምና ሶዲየም ስቲቦግሉኮኔት የሚባለው መርፌ ለብቻው ለ30 ቀናት ሲሰጥ ነበር። በአውሮፓ አቆጣጠር በ2013 የወጣው ሁለተኛው አገር አቀፍ መመሪያ ይህን ለወጠው፤ ስቲቦግሉኮኔትን ከፓሮሞማይሲን ጋር አጣምሮ ለ17 ቀናት መስጠት ቀዳሚው ሕክምና ሆነ። ኤች አይ ቪ አብሮ ላለበት ሕመምተኛ ደግሞ መድኃኒቱ ሌላ ነው፤ ስቲቦግሉኮኔት ለእነሱ አደገኛ ስለሆነ ወደ አምቢዞምና ሚልቴፎሲን ተሄዷል። በ2002 የተማረውን ይዞ ዛሬ አልጋ ላይ ያለ ሕመምተኛ የሚያክም ነርስ በቀናቱም፣ በመድኃኒቱም፣ በሚከታተለው የጎንዮሽ ጉዳትም ይሳሳታል። ፓሮሞማይሲን ሲጨመር የመስሚያና የኩላሊት ነገር መታየት አለበት፤ በድሮው ሥልጠና ይህ አልነበረም።

እንግዲህ ወረቀቱ ይበቃል? በቃሉ ይበቃል፦ ማስታወቂያው «ሥልጠና የወሰደ» አለ፤ ዓመት አልጠቀሰም። በይዘቱ ግን አይበቃም፤ በቃለ መጠይቁ ላይ አንድ ሐኪም «ስንት ቀን ትሰጫለሽ?» ብሎ ከጠየቀ ወረቀቱ ያኔ ያበቃለታል። ስለዚህ ቀን የሌለው ሰርተፊኬት ሲይዙ ራስዎን እንዲህ ይጠይቁ፦ ከዚያ ወዲህ አገር አቀፍ መመሪያው ተለውጧል ወይ? ካልተለወጠ ወረቀቱ ምንም ያህል ዓመት ቢቆይ ይሠራል። ከተለወጠ በአዲሱ መመሪያ መሥራትዎን የሚያሳይ ሌላ ነገር ያስፈልጋል። ያ ነገር የግድ ሌላ ሥልጠና አይደለም። በአዲሱ ሕክምና ሕመምተኛ በሚታከምበት ተቋም ከሠሩ፣ ያ ተቋም ምን ሥራ ላይ እንደነበሩ ዘርዝሮ የሚጽፍልዎት የሥራ ልምድ ደብዳቤ ከሰርተፊኬቱ ይበልጣል። «በነርስነት አገልግለዋል» ከሚል ይልቅ «በካላዛር ክፍል የጥምር ሕክምና በመስጠትና በመከታተል ሠርተዋል» የሚል ደብዳቤ ያጽፉ። እሱን ከድሮው ሰርተፊኬት ጋር ሲያያይዙት ሁለቱ አብረው መስፈርቱን በሚገባ ይሞላሉ።

በሌላው አቅጣጫ ደግሞ ቀን ያላቸው የሥልጠና ካርዶች አሉ። የአሜሪካ የልብ ማኅበር የሚሰጠው የመሠረታዊ ሕይወት አድን ካርድ ለሁለት ዓመት ብቻ ነው የሚያገለግለው። የውጭ ድርጅት ማስታወቂያ ያንን ካርድ በስም ከጠየቀ የሌላ ተቋም የመጀመሪያ እርዳታ ሰርተፊኬት በራሱ አቻ አይሆንም። ግን ይህ የቀጣሪ መስፈርት እንጂ የሕግ አይደለምና፣ ይጠይቋቸው፤ ከተቀጠሩ በኋላ ራሳቸው ሊያሠለጥኑዎት ይችላሉ።

መጠየቅና መጻፍ

ጥርጣሬ ሲኖርዎት ማስታወቂያውን ያወጣውን የሰው ሀብት ክፍል ይጠይቁ፤ ነገር ግን «ይቻላል ወይ?» ብለው በደፈናው አይጠይቁ፣ መልሱ «አይቻልም» ይሆናል። ወረቀትዎን ስሙን፣ ዓመቱንና የሰጠውን አካል ጠቅሰው ይጠይቁ፦ «በ2000 ዓ.ም በ10+3 የተመረቅሁ ነኝ፤ የክሊኒካል ነርስ የሙያ ፈቃድ አለኝ፤ ማስታወቂያው አቻ ሲል ይህን ይጨምራል?» የመለሰልዎትን ሰው ስምና ቀኑን ይጻፉ፤ ቢቻል በአጭር የጽሑፍ መልእክት እንዲመልስልዎት ያድርጉ። መዝጋቢው «አይሆንም» ብሎ ቢመልስዎት ምክንያቱን ይጠይቁና በማመልከቻዎ ላይ እንዲጽፍበት ይለምኑ፤ በመዝጋቢ ጠረጴዛ ላይ በቃል የተመለሰ አመልካች ኋላ አቤቱታ የሚያቀርብበት ነገር የለውም።

በወረቀትዎ ላይ ያለውን ቀን ግን በምንም ሁኔታ አይንኩ። ያለፈበትን ፈቃድ ኮፒ ላይ ቀኑን አስተካክሎ ማቅረብ የሐሰት ሰነድ ወንጀል ነው፤ መሥሪያ ቤቶች ማስረጃን ወደ ሰጪው አካል ልከው ያጣራሉ፣ ከቅጥር ዓመታት በኋላም ቢሆን ከሥራ ያሰናብታል፣ ያስከስሳልም። ያለፈበት ፈቃድ ሊታደስ ይችላል፤ የተፋቀ ወረቀት ግን ያለዎትን እውነተኛ ማስረጃ ሁሉ ጥርጣሬ ላይ ይጥላል።

የነርሷ ጉዳይ በአጭሩ እንዲህ ያልቃል። በትምህርቷ በፈቃዷ ስም ትበቃለች። በፈቃዷ እስከ ሐምሌ 10 ትበቃለች፣ ከዚያ ወዲያ የእድሳት ማመልከቻዋን ይዛ መመዝገብ ትችላለች፣ ሳታሳድስ ግን ውል መፈረም አትችልም። በካላዛር ሥልጠናዋ ከአዲሱ መመሪያ ወዲህ የሠራችበትን ደብዳቤ ካያያዘች ከተመራጮቹ ትሆናለች። ሐምሌ 8 ማክሰኞ ጠዋት ትመዝገብ።

ማስታወቂያ የምትጽፉ የጤና ጽሕፈት ቤቶችና ድርጅቶችም አንድ ነገር ልለምናችሁ። «ወይም አቻ» ስትሉ የትኞቹን እንደምትቀበሉ በቅንፍ ዘርዝሩ፤ «የታደሰ» ስትሉ ለምዝገባ ቀን ይሁን ለቅጥር ቀን ጻፉ፤ ቀኑንም በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ግለጹ። ከአብደራፊ ወይም ከመተማ ለአንድ ወረቀት ጥያቄ ብሎ እናንተ ቢሮ የሚመጣ ሰው የአንድ ቀን መንገድና የመሳፈሪያ ገንዘብ ከኪሱ ያወጣል።